ሲያስቀምጠው አደረ

እሑድ ማታ ልጄን አስመለሰው፤ ከዚያም ሲያስቀምጠው አደረ። ይህንን አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ብነግረው «እግዜር ይማረው» ብሎ ያልፋል። የእኔ ጣጣ የመጣው ረቡዕ ማታ፣ ልጁ ድኖ ሐሙስ ትምህርት ቤት ሊመለስ ሲል፣ የቀረበትን ምክንያት ለአስተማሪው በእንግሊዝኛ ልጽፍ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ነው።

«አስመለሰው»ን እንዳለ ገለበጥኩት፤ «ኢት ሜድ ሂም ሪተርን» ሆነ። ከየት ወዴት ነው የተመለሰው? «ሲያስቀምጠው አደረ» ደግሞ «ኢት ሜድ ሂም ሲት ኦል ናይት» ሆኖ ቁጭ አለ። ይህን ያነበበች አስተማሪ ልጁን ሌሊቱን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጬ ስቀጣው ያደርኩ ነው የሚመስላት። ወረቀቱ ሕመም ማስረዳቱ ቀርቶ የክስ ማስረጃ ሊሆንብኝ ነው።

ነገሩን ሳስበው አማርኛችን ሕመምን ራሱን አድራጊ ያደርገዋል። ራስ ያማል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ጉንፋን ይይዛል፤ ሰውየው ምስኪን ሁሉን ይቀበላል። እንግሊዝኛ ግን በሽተኛውን ባለንብረት ያደርገዋል። «ሂ ሃድ ኤ ፊቨር» ይላል፣ ትኩሳቱን በጨረታ ማስታወቂያ ተጫርቶ የገዛው ይመስል። ስለዚህ ቃል በቃል መገልበጡን ትቼ «ሂ ሃድ» ብዬ ጀመርኩ፤ መንገዱ ተከፈተ።

መንገዱ ሲከፈት ግን የቢሮ ሰውነቴ ተነሣብኝ። «ጉዳዩ፦ ልጄ ከትምህርት ገበታ ስለመቅረቱ» አልኩ። ቀጥዬም «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው» እያልኩ የእራቱን ዓይነት፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ እናቱ ምን ያህል እንደደነገጠች፣ ያስመለሰው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ሳይቀር ዘረዘርኩ። አንድ ገጽ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞርኩ።

ልጄ መጥቶ ከትከሻዬ በላይ አነበበ።

«አባዬ፣ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ብታነበውስ?»

አስተማሪዋ እንደዚያ አታደርግም ልለው ብዬ ተውኩት፤ ቀለሙን ሰረዝኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ አስተማሪዋ ከዚያ ሁሉ የምትፈልገው ጥቂት ነገር ነው። የልጁ ሙሉ ስምና ክፍል፣ የቀረባቸው ቀናት፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የወላጅ ስምና ፊርማ። ቀኑንም በቁጥር ብቻ መጻፍ ያሳስታል፤ 3/4 ለአንዱ ሦስተኛው ወር፣ ለሌላው አራተኛው ወር ነውና የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል። ምክንያቱን «አልተሻለውም ነበር» ብሎ ማድበስበስም አያዋጣም፤ እንዲህ ዓይነቱ ሕመም ይተላለፋልና ሌሎቹ ልጆች ላይ ሲታይ አስተማሪዋ ምን እንደሆነ ማወቅ አለባት።

እኔ ግን በሁለት ገጽ ሐተታዬ ውስጥ ዋናውን ረስቼው ነበር። ብዙ ትምህርት ቤቶች ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ልጅ ከቆመለት በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላው እንዲመለስ አይፈቅዱም። ልጁ ቆሞ ሲሮጥ ታዩታላችሁ፣ ሰዓቱ ግን አልሞላም። ስለዚህ ከእናቱ ድንጋጤ ይልቅ የሚጠቅመው «ለመጨረሻ ጊዜ ያስመለሰው ሰኞ ጠዋት ነው» የሚለው አንድ መስመር ነው። ከሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ጠዋት ቆጥራ፣ በሩን ትከፍትለታለች። ያለዚያ መስመር እዚያው በር ላይ ስልክ ይደወልልኛል።

ምክንያቱን ግን በአንድ ቃል ምን ልበለው?

«ስቶማክ ባግ በል» አለኝ ልጄ።

«የሆድ ቦርሳ?»

«ያኛው ባግ አይደለም! ይኼኛው በዩ ነው የሚጻፈው። ትንሽ ነፍሳት ማለት ነው።»

ሆዱ ውስጥ ነፍሳት ገባ ብሎ የሚጽፍ ቋንቋ፣ የእኔን «አስቀመጠው» ሊታዘብ ነው! ለማንኛውም ጻፍኩት። «ሂ ዋዝ አብሰንት ፍሮም መንደይ ቱ ዌንስደይ ቢኮዝ ሂ ሃድ ኤ ስቶማክ ባግ።» ከሥሩ የሰኞዋን መስመር፣ ስሜን፣ ፊርማዬን። ሁለት ሰዓት ሙሉ የታገልኩበት ጽሑፍ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ አለቀ፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ልጄ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፣ በኤው ባግ ውስጥ።

ሌሊት ሆዴን ቆረጠኝ። ከዚያ የሆነውን አማርኛ ለምታውቁ መግለጽ አያስፈልገኝም፤ እኔንም ሲያስቀምጠኝ አደረ። ጠዋት ገርጥቼ ለአለቃዬ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ፣ ልጄ ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎ አየኝ።

«አባዬ፣ ያንኑ ገልብጠው። ‹ሂ› ያልከውን ‹አይ› አድርገው።»