ሰላምታው ይቅር፣ «ለማቆም» ይግባ

«ደንበኛው መልእክቱ እንዳይላክለት የሚያቆምበትን መንገድ የምንጽፍበት ቦታ የለም» ይላሉ በአማርኛ የማስታወቂያ አጭር መልእክት የሚልኩ ነጋዴዎች።

ቦታው ጠባብ መሆኑ እውነት ነው። አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይገባበታል። የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንዲት የአማርኛ ፊደል ብትገባ እንኳ ወሰኑ ለሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ መልእክቱ በክፍል ይከፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚያስፈልግ እያንዳንዱ የሚይዘው 67 ይሆናል፣ ላኪውም አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ ክፍል ይከፍላል።

ጥያቄው ቦታውን ማን ያዘው የሚለው ነው። በየበዓሉ የሚደርሰን ዓይነት መልእክት እንይ፦

«ውድ ደንበኛችን እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሰዎ! በተመረጡ የሴት ጫማዎች ላይ እስከ 30% ታላቅ ቅናሽ አድርገናል። ፈጥነው ይምጡ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ!»

ይህ 99 ሆሄ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ክፍል ይሆናል። ሰላምታው ብቻ 34 ወስዷል። ያን ሁሉ ቦታ ይዞም የሱቁን ስም፣ ቅናሹ የሚያበቃበትን ቀንና የማቆሚያውን መንገድ አልነገረንም። «በተመረጡ» እና «እስከ» የሚሉት ቃላት ደግሞ የትኛው ጫማ ስንት እንደቀነሰ ይሸፍናሉ። ደንበኛው ሱቁ ድረስ ሄዶ የፈለገው ጫማ 5% ብቻ መቀነሱን ሲሰማ የሚሰማው መታለል ነው፤ ደግሞም ተታልሏል።

እኔ እንዲህ አርመዋለሁ፦

«እከሌ ጫማ፦ የሴት ቦት ጫማ 30% ቅናሽ፣ እስከ ታኅሣሥ 28 ማታ 2 ሰዓት። ላለመቀበል 0 ብለው ይመልሱ»

66 ሆሄ፣ አንድ ክፍል። ቅናሹ በዕቃው ስም ተጠርቷል። ቀኑን መጥራት ያስፈለገው «ለ3 ቀን ብቻ» የሚል መልእክት ስልኩን ዘግቶ የቆየ ሰው ዘንድ ዘግይቶ ስለሚደርስ ነው፤ ሦስቱ ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማወቂያ የለውም። «ማታ» የምትለዋም ቃል መቆረጥ የለባትም፤ ያለ እርሷ 2 ሰዓት የጠዋትም ሊሆን ይችላል።

ማቆሚያው ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። መልእክቱ በቁጥር ፋንታ በድርጅቱ ስም የሚመጣ ከሆነ ተቀባዩ መልስ መላክ አይችልም፤ «0 ብለው ይመልሱ» ማለት ያን ጊዜ ባዶ ቃል ነው። ወይ መልስ ከሚቀበል አጭር ቁጥር መላክ፣ ወይም ቁጥሩን ጽሑፉ ውስጥ ማስገባት ግድ ይላል። ስሙ በላኪነት ከታየ «እከሌ ጫማ፦» ወጥቶ 8 ቦታ ስለሚለቀቅ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በቀላሉ ይገባል፦ «ላለመቀበል 0 ወደ» ብሎ ቁጥሩን ማስከተል ነው። ከመላክ በፊትም አንድ ሠራተኛ በራሱ ስልክ 0 ልኮ ስሙ ከዝርዝሩ መውጣቱን ያረጋግጥ።