የበሬ ጥርስ እና የኢንተርኔት ፎቶ

«የድርጅቱ ስም፣ ስልኩ፣ የሥራ አስኪያጁ ፎቶ ሳይቀር ኢንተርኔት ላይ ባለው የድርጅቶች ማውጫ ተቀምጧል፤ ከዚህ በላይ ምን ይጣራል?»

ሰሞኑን ደሴ በነበረው የነጋዴዎች ስብሰባ ይህን የተናገሩት ሰው ተጨበጨበላቸው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ከንፈሬን ነከስሁ። ባቲ የሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ እንኳ ዕድሜውን ከአላፊ አግዳሚ አይጠይቅም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል።

ፎቶውማ አለ። ማን ለጠፈው? ወይ ባለ ድርጅቱ ራሱ፣ ወይ ከሌላ ማውጫ የገለበጠ ሰው። ዊኪፒዲያ እንኳ «አስተማማኝ ምንጭ አይደለሁም» ብሎ በገዛ ገጹ ጽፏል። እሱ ለራሱ ያልመሰከረውን እኛ ልንምልለት ነው?

የንግድ መዝገብ ሌላ ነገር ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ሥራ አስኪያጅ ሲሻርም ውሳኔው ካልተመዘገበ፣ ሽረቱን ባላወቀ ሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም። ከተመዘገበ ደግሞ «አላየሁም» ማለት አያዋጣም።

የእህቴ ልጅ ይህን በኪሱ ተማረ። ከቃሉ ገበሬዎች የሰበሰበውን ማሾ ኮምቦልቻ ላይ ለአንድ ማኅበር በዱቤ ሸጠ። ውሉን የፈረመው ማውጫው «ሥራ አስኪያጅ» የሚለው ሰውዬ ነው፤ ማኅተምም መትቷል። ክፍያው ሲዘገይ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። «እሱማ ከተሻረ ቆየ» ብለው ቃለ ጉባኤውን ዘረጉለት። የተመዘገበው ከውሉ አምስት ወር ቀድሞ ነው። ምዝገባው ከውሉ በኋላ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ወደ እሱ ያዘነብል ነበር። ገንዘቡን ያንጠለጠለው ያ ቀን ነው፤ ማውጫው ላይ ግን ቀን የሚባል ነገር የለም።

ማየት የነበረበት ሩቅ አልነበረም። በአሥር አሃዙ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር etrade.gov.et ላይ ገብቶ የንግድ ፈቃዱ ለየትኛው መስክ እንደተሰጠና መታደሱን ማየት ይችል ነበር። ፈቃድ ግን ማን እስከ ምን ድረስ እንደሚፈርም አይዘረዝርም። ለዚያ የመመሥረቻ ጽሑፉንና የመጨረሻውን የተመዘገበ ቃለ ጉባኤ አምጡ ማለት ነው፤ ያኮረፈ ገዢ ካለ ያኩርፍ።

መዝገብም ይዋሻል ትሉኛላችሁ። አዎ፣ የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ የሚቀርብለትን የመመርመር ሥልጣን እምብዛም አልነበረውም። ቢሆንም እዚያ የዋሸ ሰው ፈርሞ ነው የዋሸው፤ ይጠየቅበታል። ማውጫ ላይ ለዋሸው ማንን ከሳችሁ ታውቃላችሁ?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት በሌላ ቁጥር ማውጫው ላይ ወዳለው ስልክ ደወለ። ሰውዬው ራሱ አነሣው። «ማሾ አለህ?» አለው።