ማስተካከያ፦ ዓርብ ስለቀረበው ምስር ወጥ

«ዓርብ ምሳ እናንተ ቤት ምስር ወጥ በልተን፣ ሌሊቱን ሦስታችንም በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ አደርን። ወጡ የዕለቱ ነበር ወይ?»

አልነበረም። ቅዳሜ በሰጠነው ምላሽ የዕለቱ ነው ማለታችን ስሕተት ነው፤ ወጡ ሐሙስ ማታ ተሠርቶ፣ በትልቁ ድስት እንደተከደነ ወጥ ቤት ውስጥ አድሮ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ለብ እስኪል ብቻ መሞቁን ሠራተኞቻችንን ጠይቀን አረጋግጠናል። ሳናጣራ በማስተባበላችን ቅሬታ ያቀረቡትን ደንበኞችና በዕለቱ የበሉትን ሁሉ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ወጥ ቢፈላም ሙቀቱን ተቋቁመው የሚተርፉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የትልቅ ድስት መሐል ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ለሰዓታት እዚያ ይራባሉ፣ ሽታውና ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ «ቀምሰነው ደኅና ነበር» ማለታችንም ማስረጃ አይሆንም። የሕመሙ መንስኤ በምርመራ ባይረጋገጥም፣ አያያዛችን ጥፋት ነበር።

ከእንግዲህ የሚያድር ወጥ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ በ2 ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይገባል፤ ሲሞቅም መሐሉ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ በቴርሞሜትር ይለካል። በዕለቱ በልተው ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያለባቸው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ እንለምናለን፤ የሕክምናውን ወጪ እንሸፍናለን።