«ገና» ላልቶ ይነበባል

ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለአዲሱ የትምህርት ዘመን አደረሳችሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ደስ የሚል ነገር አይደለም። ባለፈው ግንቦት በዚህ ግቢ የሆነውን ነገር አዳፍነን አዲስ ዓመት ጀመርን ብንል ራሳችንን ማታለል ነው።

የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነስቶ አንቀጽ እንዲያነብ ታዘዘ። መጽሐፉን አቅርቦ ያዘ፤ ጣቱን ከመስመሩ ሥር አስኬደ። «ዝናቡ ስለዘገየ ገበሬው ማሳውን ገና አላረሰም» ይላል መጽሐፉ። ልጁ ፊደል በፊደል «ዝ፣ ና፣ ቡ» እያለ መጣና «ገና» ላይ ሲደርስ አጠበቀው። የልደት በዓል አደረገው። ከኋላ ወንበር አንዱ «እንኳን አደረሰህ!» ሲለው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግን አልተቀመጠም። ከ«ዝናቡ» መልሶ ጀመረ። ሁለተኛ ጊዜ «ገና» ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። አስተማሪውም ፈገግ ብሎ «ዘጠነኛ ክፍል ደርሰህ?» አለውና አስቀመጠው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ስልክ እየቀረጸ ነበር። ማታውኑ ቪዲዮው በቴሌግራም ተሰራጨ። ልጁ በማግስቱ አልመጣም፤ የሰኔንም ፈተና አልተፈተነም።

እናንተ የሳቃችሁ ልጆች፣ በምን እንደሳቃችሁ ታውቃላችሁ? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ኖረ፣ ተገኘ ማለት ነው። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺው ነው፣ ሲጠብቅ ተመቺው ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ፊደሉ ሳይሆን ዙሪያው ያለው ቃል ነው። የእኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። «አላረሰም» የሚለውን ዓይኑ ቀድሞ ያላየ ሰው «ገና» የቱ ገና እንደሆነ በምን ያውቃል? ፊደል እየቆጠረ የሚሄድ አንባቢ ግሱ ጋ ሲደርስ መነሻውን ረስቶታል። ያ ልጅ አልደነቆረም። ዓይኑ ከአፉ ሁለት ሦስት ቃል ቀድሞ እንዲሄድ ማንም አላለማመደውም።

በእርሱ የሳቃችሁት ብዙዎቻችሁም ከእርሱ የምትለዩት በትንሽ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ የሳቀ ሰው አላየሁም።

እኛ መምህራንስ? ያ ልጅ ዘጠኝ ዓመት በእጃችን አለፈ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንዲት ገጽ ሲያነብ የሰማው ሰው አልነበረም። ማርኩን አሰባስበን፣ ከክፍል ወደ ክፍል አሻግረን ላክነው። ቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ ይጠፋል ተብሎ ቁልፉ በመሳቢያ ውስጥ ከረመ። መጽሐፉ አልጠፋም። ልጁ ጠፋ። ለዚህ ተጠያቂው ከተማሪዎቹ በፊት እኛ ነን፤ በወላጆቻችሁ ፊት የማልሸሽገው ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ የምጠይቃችሁ በቀን 15 ደቂቃ ነው። አንድ ሰዓት አላልኩም። አንድ ሰዓት ብሎ የጀመረ ልጅ በሦስተኛው ቀን ይደክመዋል፣ በአራተኛው ያቆማል። ሰዓቱን ደግሞ ቀድሞ ከለመዳችሁት ነገር ጋር እሰሩት። እራት ተበልቶ ገበታው ሲነሳ፣ ወይም መብራት ለሚቸግረው ከትምህርት ቤት ገብቶ ዩኒፎርም እንደተቀየረ። «ሲመቸኝ አነባለሁ» ያለ ሰው አይመቸውም። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን፤ ተደፍቶ አጠገባችሁ ያለ ስልክም ይጠራችኋል።

መጽሐፉን ስትመርጡ መሐሉን ገልጣችሁ አንድ ገጽ አንብቡ። የማታውቁት ቃል በመጣ ቁጥር አንድ ጣት እጠፉ። ገጹ ሳያልቅ አምስቱም ከታጠፉ መጽሐፉ ለጊዜው ከብዷችኋል፣ መልሱትና ቀለል ያለ ውሰዱ። የአራተኛ ክፍል መጽሐፍ ያነበበ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አያፍርም። አብዛኞቹ ጀማሪዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ሰው ስላወራለት ወፍራም ልብ ወለድ ይዘው ይነሱና ሃያኛው ገጽ ላይ «እኔ ማንበብ አይሆንልኝም» ብለው ይደመድማሉ።

ንባቡ የሚጎተትባችሁ ልጆች ደግሞ ከ15ቱ ደቂቃ የመጀመሪያዎቹን አምስት እንዲህ አድርጉት። አንድ አጭር አንቀጽ ምረጡ። ድምፅ አውጥታችሁ ለአንድ ደቂቃ አንብቡና የደረሳችሁበት ቃል ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። እዚያው አንቀጽ ላይ ተመልሳችሁ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ አንብቡ። ለምሳሌ መጀመሪያ 35ኛው ቃል ላይ የቆመ ልጅ በሦስተኛው 50ኛውን ቢያልፍ አንቀጹን ሸምድዶት ነው ብላችሁ አትናቁት። ዓይኑ ቃሉን እንደ ሰው ፊት በአንድ እይታ መለየት ጀምሯል ማለት ነው፤ እነዚያው ቃላት ነገ በሌላ ገጽ ላይ ይጠብቁታል። ቁጥራችሁን ግን ከእንግሊዝኛ ንባብ ፍጥነት ጋር አታወዳድሩ። «ስላልመጣችልን» ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ስድስት ሰባት ቃል ይፈጅበታል።

ፍጥነት ብቻውንም አያታልላችሁ። ስትጨርሱ መጽሐፉን ክደኑና ያነበባችሁትን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ተናገሩ። ካቃታችሁ ዓይናችሁ አለፈ እንጂ አላነበባችሁም፤ ያንኑ ገጽ ነገ ድገሙት። ቀኑን፣ ከገጽ እስከ ገጽና አንዷን ዓረፍተ ነገር በደብተር ጻፉ። አንድ ቀን ቢያመልጣችሁ አትደንግጡ፣ ሁለተኛው እንዳያመልጣችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ልማድ የሚፈርሰው በሁለተኛው ቀን ነው።

እናቶች፣ አባቶች፣ ብዙዎቻችሁ «እኔ አልተማርኩ፣ ምን ልረዳው» ትላላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። ፊደል ባትለዩም ቋንቋው የእናንተ ነው። «ገና»ን በሌላ ቦታ ቢያጠብቀው ጆሯችሁ ወዲያው ይይዘዋል። «ምን አልክ? እስቲ ድገመው» በሉት። ከዚህ የበለጠ መምህር አያስፈልገውም። ቃል መሐል እየቆመ የሚተነፍስ ከሆነ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው፤ አራት ነጥቡ ላይ ሲያርፍ ከሰማችሁት እየገባው ነው። ደግሞ ታናናሾቹ ሲሳሳት እንዳይስቁበት ተቆጡልን።

የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ አያድርም። በሩ በምሳ ሰዓትና ከትምህርት በኋላ ክፍት ነው። መጽሐፍ ይጠፋ ይሆናል፣ ይቀደድ ይሆናል፤ ይሁን። ቀድሞም ብዙ ቃል ገብተን የረሳነው አለና ይህንንም እስክታዩት ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ያ ልጅ ዛሬ ጠዋት ሰልፉ ላይ የለም። እቤቱ ሰው ልከን ነበር፣ «አስብበታለሁ» ብሏል። ስሙን ከመዝገብ አላወጣነውም። ቪዲዮው አሁንም ስልኩ ላይ ያለ ተማሪ ካለ ከዚህ ሰልፍ ሳይወጣ ያጥፋው። ልጁ የመጣ ቀን ደግሞ ከእናንተ አንዱ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ያንኑ ገጽ ገልጦ፣ ከ«ዝናቡ» አብሮት ይጀምር።