ጡረታው የቆመው ባንክ ውስጥ አይደለም

«ከአሜሪካ ጡረታ ወጥቼ አዲስ አበባ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ሂሳቤ ውስጥ ምንም አልገባም። ባንኩ ጋ ስደውል ‹በእኛ በኩል ችግር የለም› ይሉኛል። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?»

ባንኩ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። ባንክ የተላከለትን ይቀበላል እንጂ ለምን እንዳልተላከ አያውቅም። የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ ልክ ፌብሩዋሪ ላይ ቆመ ሲሉኝ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አንድ ወረቀት ነው። ቁጥሩ SSA-7162 ነው። ከአሜሪካ ውጭ ለሚኖር ጡረተኛ በፖስታ ይላካል። አድራሻህ የት ነው? ዜግነትህ ተቀይሯል? አገባህ ወይስ ፈታህ? ሥራ ይዘሃል? ይላል። ከታች ፊርማ አለ። ዋናው ቁም ነገር ፊርማው ነው፤ «አለሁ፣ አልሞትኩም» ማለት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ፎርሙ በሜይ መጨረሻና በጁን፣ በእኛ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይላካል። መልስ ካልተገኘ ከወራት በኋላ ሁለተኛ ማሳሰቢያ ይከተላል። ለሱም መልስ ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ክፍያው ይቆማል። ለአብዛኛው ሰው የሚላከው በየሁለት ዓመቱ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁ የመጨረሻ ሁለት አሃዞች ከ00 እስከ 49 ከሆኑ ተራችሁ እንደ 2024 እና 2026 ባሉ ዓመቶች ነው። ከ50 እስከ 99 ከሆኑ እንደ 2025 እና 2027 ባሉት ነው። ዕድሜያቸው 90 ለሞላና በሌላ ሰው በኩል ለሚከፈላቸው ግን በየዓመቱ ይላካል።

በወረቀት ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ችግሩ ፖስታው ጋ ነው። አሜሪካ ደብዳቤ በር ላይ ካለች ሳጥን ውስጥ ይገባል። እኛ አገር ፖስታ ቤት ድረስ ሄዶ፣ የተከራዩትን ሳጥን በቁልፍ ከፍቶ ማየት ይጠይቃል። አጎቴ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ፓርኪንግ ሠርተው ነው የተመለሱት። ሲመለሱ አድራሻቸውን በትክክል አሳውቀዋል። የሰጡት ፖስታ ሳጥን ግን የወንድማቸው ሱቅ ነበር። ሱቁ ተዘጋ፤ የሳጥኑን ዓመታዊ ኪራይ የሚያድስ ጠፋ። የቁጥራቸው መጨረሻ 37 ነው፤ ስለዚህ ፎርሙ በ2024 ሰኔ ላይ ተልኳል። እሳቸው ግን አላዩትም። ማሳሰቢያውንም አላዩትም። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ካርዳቸውን ይዘው ኤቲኤም ጋ ቆሙ፤ ቀሪ ሂሳቡ የጥር ትራፊ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ እንደ ጠያቂያችን ባንኩን ነዘነዙት። አንድ ወር እንዲሁ ሄደ። በመጨረሻ አሜሪካ ያለች ልጃቸው የፌዴራል ቤኔፊትስ ዩኒት የሚባለውን አገኘችው። ይህ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ተከፋዮችን ጉዳይ የሚይዝ ክፍል ነው። በሁሉም ኤምባሲ ውስጥ የለም፤ የእናንተን አገር የሚያስተናግደው የትኛው እንደሆነ የኤምባሲው ድረ ገጽ ላይ ተጽፏል። አጎቴ ለዩኒቱ በኢሜይል ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ክፍያው የቆመበት ወር፣ ያሉበት አድራሻ፣ «ፎርሙ አልደረሰኝም» የሚል አንድ አረፍተ ነገር። ሙሉውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በተራ ኢሜይል አለመላክ ይሻላል፤ እንዴት እንደሚሰጥ እነሱ ይነግራሉ። ባዶ ፎርም ተላከላቸው፣ ሞልተው ፈርመው መለሱ። በእጃቸው መፈረም ለማይችሉ ሰዎች ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት ምስክሮች ግን አብረው መፈረም አለባቸው።

ወርሃዊ ክፍያቸው 1,640 ዶላር ነው። የፌብሩዋሪ፣ የማርች፣ የኤፕሪልና የሜይ ድምር 6,560 ዶላር ጁን ላይ ባንዴ ገባላቸው። ይህን በደንብ ያዙልኝ፤ ፎርሙ ባለመመለሱ ብቻ የቆመ ገንዘብ አይቃጠልም። ፎርሙ ሲደርስ ውዝፉ ይከፈላል። አጎቴ ግን በእነዚያ አራት ወራት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በብድር ነው የገዙት። ገንዘቡ መመለሱ ያንን ጭንቀት አያካክስም።

ፎርሙን መልሳችሁም ከቆመ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። የአሜሪካ ዜጋ ካልሆናችሁና በግሪን ካርድ ከወጣችሁ፣ ስድስት ሙሉ ወር ከአሜሪካ ውጭ ስትቆዩ ክፍያው ሊቆም ይችላል። ኤስኤስአይ የሚባለው ድጎማ ደግሞ ጡረታ አይደለም። ብዙ አረጋውያን ወገኖቻችን ሁለቱን «ሶሻል» ብለው በአንድ ስም ይጠሩታል። ኤስኤስአይ 30 ቀን ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው አይከፈለውም፤ ፎርም መሙላትም አይመልሰውም። ሌላው ባንኩ ራሱ ነው። ሂሳቡ ለረጅም ጊዜ ካልተንቀሳቀሰና ከተዘጋ፣ የተላከው ገንዘብ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ባንኩን «ለምን አልገባም» ከማለት «ሂሳቤ ክፍት ነው? ገብቶ የተመለሰ ክፍያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ መልስ አላቸው።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ብዙ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ አድራሻውን አያሳውቅም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እህት ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ የአጎት ልጅ ቤት «እንኖራለን» ብለው ይተዉታል። የሚመክሯቸውም «ካወቁ ይቆርጡብሃል» ይሏቸዋል። ለአሜሪካ ዜጋ ይህ ሐሰት ነው። የሠራበትን ጡረታ ኢትዮጵያ ሆኖ ይከፈለዋል። መደበቁ ግን ማሳወቅ ግዴታ የሆነውን ነገር መተው ነው። አንድ ቀን ሲታወቅ ማስረዳቱ ከፎርሙ በብዙ ይከብዳል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ሳይገባው የወሰደውን ሁሉ መልስ የሚያሰኝ ዕዳ ይሆንበታል። ሳጥን በራሳችሁ ስም ተከራዩ፣ ኪራዩን አድሱ፣ በተራችሁ ዓመት ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በየሳምንቱ ክፈቱት። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልመጣ ማሳሰቢያ አትጠብቁ፤ ለዩኒቱ ጻፉ።

የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤቱም የድርሻውን ይውሰድ። ደብዳቤ ቤት ድረስ በማይደርስበት አገር የ80 ዓመት ሰው ኑሮ በአንድ ፖስታ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ክፍያ ከመቆሙ በፊት በስልክ ወይም በኢሜይል አንድ መልእክት ቢላክ ብዙ ሰው ይድናል። ይህን የሚጠይቁ የዳያስፖራ ማኅበሮቻችን ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

ስለ ሞትም ማውራት ግድ ነው። ጡረተኛው ሲያርፍ ቤተሰቡ ለዩኒቱ ያሳውቅ። ሰውየው ላረፈበት ወር ክፍያ አይኖርም። የአንድ ወር ክፍያ ደግሞ የሚገባው በቀጣዩ ወር ነው። ማርች 28 ያረፈ ሰው የማርች ክፍያ ኤፕሪል ላይ ቢገባ ተመላሽ ነው። በሐዘኑ መካከል ካርዱ ልጆች እጅ ላይ ይገኛል፣ ለተዝካር ተብሎም ይወጣል። ከወራት በኋላ ገንዘቡ ይጠየቃል። ካርዱን የት እንዳስቀመጣችሁ ለልጆቻችሁ ስትነግሩ፣ ይህንንም አብራችሁ ንገሯቸው።