ከበጋ ቀድሞ የወጣው ስልክ

ወዳጄ ሰዓት አክባሪ ነው። ሰዓት አክባሪ ስላችሁ በመጠኑ እንዳይመስላችሁ። ቀጠሮ ከያዛችሁ እሱ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ይደርስና፣ እናንተ በሰዓታችሁ ስትመጡ እንዳረፈደ ሰው ያያችኋል። በሕይወቱ አንድ አውሮፕላን ብቻ ነው ያመለጠው። እሱም ሲያመልጠው ቀድሜ ደረስኩ ብሎ እየተንጎራደደ ነበር።

ነገሩ የሆነው ኢስታንቡል ውስጥ ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ቀን 2015፣ ለእሁድ አጥቢያ። ሰውዬው ትራንዚት ላይ ነው። 00:50 ላይ አረፈ። የሚቀጥለው በረራው የሚነሳው 06:15 ነው። (ቁጥሮቹን ቦርዲንግ ፓስ ላይ እንደሚታተሙት ነው የምጽፋቸው። 06:15 ማለት ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ ማለት ነው።)

እንደማንም ተሳፋሪ ስልኩን ከፈተ። ስልኩ የአገሩን ኔትወርክ ያዘና ሰዓቱን በራሱ ወደ ኢስታንቡል አዞረ። ወዳጄ ግን እንዲሁ አያምንም። ቀና ብሎ የግድግዳውን ስክሪን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ስልኩን አየ። ሁለቱም አንድ ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ሰውዬው አመሳክሯል። እስከ ዛሬ ሲናደድ የሚደጋግማት እሷኑ ነው። «አመሳክሬአለሁ እኮ!»

ባትሪው 18 በመቶ ነበር። ቻርጅ ማድረጊያው ሁሉ ተይዟል፤ እያንዳንዱ ሶኬት ሥር አንድ ሰው እንደ ዘብ ተኮራምቶ ተኝቷል። ስለዚህ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አደረገው። አላርሙን 05:00 ላይ ሞላ። ጆሮውን ደፈነ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጣለ፣ ተኛ።

04:00 ሲሆን ስልኩ ብቻውን ወደ 03:00 ተመለሰ።

አልጮኸም፣ አልተንቀጠቀጠም። ይኸው ስልክ ፎቶ ለመክፈት ይፈቀድልኝ ይላል፣ ያለህበትን ቦታ ልወቅ ይላል፣ ለአየር ጠባይ ማሳወቂያ ብቻ ሦስት ጊዜ እሺ በል ይላል። ከሰው ዕድሜ ላይ ሙሉ አንድ ሰዓት ሲያዞር ግን ማንንም አልጠየቀም።

አላርሙ በስልኩ 05:00 ላይ ጮኸ። ወዳጄ ተነሳ። ጊዜ አለኝ ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና ጥርሱን ፋቀ። ጊዜ አለኝ ብሎ ጺሙን ተላጨ። አውሮፕላን እያመለጠው ጺሙን ሁለት ዙር የተላጨ ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጌቱ ጋ ሲደርስ ስልኩ 05:25 ይላል። ተሰላፊ የለም። «ቀድሜ ደረስኩ» አለ በልቡ። አንደኛ ሆኖ ለመቆም ወደ በሩ ተጠጋ።

«ጌታዬ፣ በሩ ተዘግቷል» አለችው ሠራተኛዋ።

«ገና አልተከፈተም ማለትዎ ነው?»

«ተዘግቷል። ስምዎን ደጋግመን ጠርተናል።»

ወዳጄ በመስኮቱ ሲያይ አውሮፕላኑ ወደ ኋላ እየተገፋ ነው። የዘገየውም በእሱው ምክንያት ኖሯል። ሻንጣ አስረክቦ ራሱ ያልተሳፈረ ሰው ሲኖር፣ ለደኅንነት ሲባል ሻንጣው ከአውሮፕላኑ ሆድ ተፈልጎ ይወርዳል። ያን ሁሉ ጭነት አገላብጠው የእሱን ጥቁር ሻንጣ ከሌሎች መቶ ጥቁር ሻንጣዎች መሃል ለይተው አወጡ። እሱ መስታወት ፊት አገጩን ሲዳብስ ማለት ነው።

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ለፖሊስ ማስረጃ እንደሚያቀርብ ሰው ነው ያሳያት። «ይኸው! አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት!»

ሴትዮዋ ስልኩን አየች። ከዚያ በላዩ ያለውን ስክሪን በጣቷ አመለከተችው። 06:25።

«የእርስዎ ስልክ ከበጋ ወጥቷል፤ እኛ ገና አልወጣንም» አለችው።

እዚህ ላይ ለወዳጄ ጥብቅና ልቁም። ስልኩ አላበደም። በስልክ ውስጥ ያለው ሰዓት እኮ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዓለም የሚጋራው አንድ ሰዓት ነው፤ እሱ ከኔትወርክ እየታረመ ሰከንድ አይስትም። ሁለተኛው የደንብ መዝገብ ነው፤ የትኛው አገር ከዚያ ሰዓት ላይ ስንት ይደምራል፣ በየትኛው ቀንስ ድምሩን ይለውጣል የሚል ዝርዝር። በዚያን ጊዜው መዝገብ ቱርክ በበጋ፣ ቀኑ በሚረዝምበት ወራት፣ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ገፍታ ሦስት ትደምር ነበር። ኦክቶበር መጨረሻ እሁድ ላይ ግን ከአውሮፓ ጋር አብራ ወደ ሁለት ትወርድ ነበር። ስልኩ ያደረገው ይህንኑ ነው። አውሮፓም በዚያች ሌሊት ሰዓቷን በእርግጥ ወደ ኋላ መልሳለች።

ቱርክ ብቻ ቀረች። ለምን ቢሉ ኖቬምበር 1 ምርጫ ነበራት። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ቶሎ ይመሻል፤ መራጩ በብርሃን ይምረጥ ተባለና ለውጡ በሁለት ሳምንት ተገፍቶ ለኖቬምበር 8 ተያዘ። ወዳጄ በዚያ ምርጫ ድምፅ አልሰጠም። የተወዳዳሪዎቹን ስም እንኳ አያውቅም። ግን እንደ እሱ ዋጋ የከፈለ መራጭ ያለ አይመስለኝም።

መንግሥት ወሰነ፤ መልካም። ውሳኔው ታዲያ እንዴት ስልክ ውስጥ ይገባል? የዓለም ስልኮችና ኮምፒውተሮች በብዛት የሚቀዱት ከአንድ መዝገብ ነው፤ «tz» ይባላል። የሚጠብቁት በአመዛኙ በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። አንድ አገር ሰዓቱን ሊነካ መሆኑን ሲሰሙ መዝገቡን አርመው አዲስ እትም ያወጣሉ። የቱርክንም በዚያው ኦክቶበር ከቀኑ በፊት አርመውታል። መታረሙ ብቻውን ግን አይበቃም። እርማቱን ስልክ አምራቹ ወስዶ በአፕዴት መላክ አለበት፤ ባለስልኩም አፕዴቱን መቀበል አለበት። የወዳጄን ስልክ ደግሞ አምራቹ ከረሳው ሁለት ዓመት ሆኖታል። በዚያ ስልክ ውስጥ ያለችው ቱርክ ምርጫ የምትባል ነገር ሰምታ አታውቅም።

ፍላይት ሞዱም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ኔትወርክ በርቶ ቢሆን ከአንቴናው የሚላከው የአካባቢ ሰዓት ስህተቱን ሊያርምለት ይችል ነበር። «ይችል ነበር» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንቴናው ራሱ ያልታረመ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩም ምልክቱን የሚቀበለው አዲስ ኔትወርክ ሲይዝ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጠዋት እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎች እንኳ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ኢንተርኔት ላይ ስንት ሰዓት ነው እያሉ ይጠያየቁ ነበር። ባለአገሩ ያልገባውን እንግዳው ከየት ያምጣው?

ከሁሉ ከሁሉ ወዳጄን ያቃጠለው ቀጥሎ የመጣው ነው። የመጣበት አውሮፕላን ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጠው ኖሮ፣ በአንድ ትኬት እስከተጓዘ ድረስ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍረው ነበር። እሱ ግን አምስት ሰዓት ሙሉ በዚያው ሕንፃ ውስጥ ቆይቶ ጌት ላይ አልተገኘም። ይህ በእነሱ ቋንቋ «አልቀረበም» ይባላል። «አልቀረበም» የተባለ ሰው ደግሞ የቀሩት ጉዞዎቹ፣ የመመለሻውም ጭምር፣ በአብዛኛው በራሳቸው ይሰረዛሉ። ባለጠረጴዛው ሰው ኮምፒውተሩን እያየ «የመመለሻዎ በረራ የለም» ሲለው፣ ወዳጄ «እኔ ገና አልሄድኩም እኮ፣ ከየት ነው የምመለሰው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ያም ሆኖ የዋጋውን ልዩነት ከፈለ።

ስልኩንስ ምን አደረገው? መጀመሪያ በንዴት አውቶማቲኩን አጠፋና ሰዓቱን በእጁ አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋው። ይህ ትክክል ይመስላል፤ አይደለም። ስልኩ አሁንም ድምሩ ሁለት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ በእጅ ሲገፋ ሳይበላሽ የቆየው የዓለም ሰዓት አብሮ ይበላሻል።  ከጥቂት ያልተሳኩ ሙከራዎች በኋላ አጠገቡ የተቀመጠ አንድ ወጣት ስልኩን ተቀብሎ ሴቲንግ ገባና፣ ሰዓቱን በአውቶማቲክ ትቶ የቦታ ሰዓቱን ብቻ በእጅ ናይሮቢ አደረገው። ናይሮቢ ዓመቱን ሙሉ `GMT+3` ናት፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አትልም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ። ኢስታንቡል ተቀምጦ የኢስታንቡልን ሰዓት ለማወቅ ናይሮቢ ነኝ ብሎ መዋሸት ነበረበት።

እውነቱን ለመናገር የስህተቱ አቅጣጫም ዕድል ነው። ማርች 2023 ሊባኖስ የሰዓት ለውጧን ሁለት ቀን ብቻ ሲቀረው አራዘመች፤ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት በከፊል አልቀበልም አሉና አገሩ ለቀናት በሁለት ሰዓት ኖረ። እዚያ ግን ወሩ ማርች ስለነበር የተሳሳቱት ስልኮች የሮጡት ወደፊት ነው። ወደፊት የሮጠ ስልክ አንድ ሰዓት ቀድሞ ያደርሳል፤ ቢበዛ ወንበር ላይ ያንጋልላል። ወዳጄን ይህን ስነግረው «ለእኔ የሚገባው ያ ነበር» አለ። እሱን ከሩብ ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት ከሩብ ቢያሳድጉት ደስታው ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኖቬምበር 8 ደረሰ። ቱርክ ሰዓቷን በሕግ ወደ ኋላ መለሰች። ወዳጄ ቤቱ ሆኖ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር። ስልኩ ላይ የኢስታንቡልን ሰዓት ከፈተ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውንም ከጎኑ ከፈተ። ልክ ናቸው፤ ማንም ምንም ሳይነካው። ስክሪንሾት አነሳ።

ያንን ስክሪንሾት እስከ ዛሬ አላጠፋውም። የሴትዮዋን አድራሻ ቢያገኝ ይልክላታል።