ሳጥን የሞላበት የጨረታ መዝገብ

«ኮምፒውተሩ ገጹን በየሰዓቱ ራሱ ፎቶ እያነሳ፣ ፒዲኤፍም እያደረገ ያስቀምጥልናል። ታዲያ የያዝነው ማስረጃ ለምን አላስኬደንም?»

ይህን የጠየቁኝ በምዕራብ ጎጃም በቆሎ የሚያቀርብ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የሂሳብ ሹም ናቸው። ገዢው ድርጅት በድረ ገጹ ያወጣው ጨረታ የሚዘጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የተጠየቀው መጠን 400 ኩንታል ነበር። ማኅበሩ ዋጋውን ጠዋት አስገባ፤ በማግሥቱ ግን መጠኑ 600 ስለሆነ ያቀረባችሁት አይሞላም ተባለ። ማኅበሩ «ከተዘጋ በኋላ ነው የለወጣችሁት» ሲል፣ ገዢው «ከመዘጋቱ በፊት ነው» አለ።

መዝገቡ ሲከፈት ሁለት ፋይሎች ወሳኝ ሆነው ተገኙ። በስማቸው ላይ 13-05 የሚለው 400 ይላል፤ 14-05 የሚለው 600 ይላል። ገዢው ሰዓቱን እንደተጻፈ አነበበውና 13-05 ማለት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ5፣ 14-05 ማለት 8 ሰዓት ከ5 ነው፤ ስለዚህ ለውጡ ጨረታው ሳይዘጋ ተደርጓል ብሎ ተከራከረ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፎቶውን የሚያነሳው በኪራይ የተያዘ ሰርቨር በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) የሚሠራ ነው፤ የእኛ አገር ሰዓት ደግሞ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ 13-05 ማለት እኛ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ5 ነው። ጨረታው ከተዘጋ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ገጹ ላይ የነበረው 400 ነበር። ማኅበሩ ትክክል ነበር፤ ሆኖም ፋይሉ ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነ ስለማይናገር ማሳመን አልቻለም። መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው፤

```
TZ=Africa/Addis_Ababa date +%Y-%m-%d_%H-%M%z
```

ይህ ትእዛዝ የሚያወጣው ስም መጨረሻው ላይ +0300 ስለሚይዝ ለክርክር በር አይከፍትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በማስረዳት ይታለፍ ነበር። ፒዲኤፉን ስከፍተው ግን ልቤ አዘነ፤ ከአማርኛው አንዲት ፊደል አልነበረችም። በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል፤ በሳጥኖቹ መካከል 400 የሚለው ቁጥር ብቻውን ቆሟል። አራት መቶ ምን? ኩንታል ይሁን ብር፣ ማን ሊያነበው ይችላል?

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሠራተኛው ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ኢብሪማን የመሰለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይዞ ስለሚመጣ ገጹ እዚያ በሚገባ ይታያል። ባዶ ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ፎንት የለውም፤ ገጹም የራሱን ፎንት ካላቀረበ ሰርቨሩ ገጹን የሚከፍትበት ክሮም የሚስለው ሳጥን ብቻ ነው። ስህተት ተፈጠረ ብሎ አይጮህም፤ ፋይሉ ይወጣል፣ መጠኑም ደህና ነው፣ ስለዚህ ወራት አልፈው ሳይታወቅ ይቀራል። በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚጫነውና የሚፈተሸው እንዲህ ነው፤

```
sudo apt install fonts-noto-core
fc-list :lang=am
```

ሁለተኛው ትእዛዝ ምንም ካላሳየ ሰርቨሩ አማርኛ መሳል አይችልም ማለት ነው። ቀድሞ የተሠራን ፒዲኤፍ ለመመርመር pdffonts የሚባለው ፕሮግራም በውስጡ ያሉትን ፎንቶች ይዘረዝራል፤ ከዝርዝሩ መካከል የግዕዝ ፊደል ያለው ከጠፋ ፋይሉን ከፍቶ ማየት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቢሮዎች ፒዲኤፍ ካለ ፎቶው ትርፍ ነው የሚሉትን አልቀበልም። ፒዲኤፍ የሚወጣው ገጹ ለማተሚያ በተዘጋጀበት መልክ ነው፤ ባለቤቱ ሲታተም እንዲደበቅ ያደረገው ክፍል ይቀራል፣ የጀርባ ቀለምም ብዙ ጊዜ ካልታዘዘ አይወጣም። ሙሉ ገጽ ፎቶ በበኩሉ ስክሪን ላይ የታየውን ያሳያል፤ ቃል ግን ፈልጎ ማግኘት አይቻልበትም። የሁለቱም ጎዶሎ በሌላው ይሞላልና ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወሰዱ። የፎቶው አደገኛ ጎን ወደ ታች ሲወርዱ ብቻ የሚጫኑ ምስሎች ናቸው፤ በዚሁ መዝገብ ማኅተም ያለበት የማስታወቂያው ቅጂ ገጹ ግርጌ ላይ ስለነበር ቦታው ባዶ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ገጹን እስከ ታች አውርዶ፣ ምስሎቹ እስኪጫኑ ጠብቆ ነው ማንሳት ያለበት።

ለሂሳብ ሹሙ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር አለ፤ በየማለዳው ካለፈው ቀን ፋይሎች አንዱን ከፍተው «ጨረታ» የምትለዋን ቃል በዓይናቸው እንዲፈልጉ ነው። ቃሏ ካልተገኘች፣ ገጹ ገና ሳይለወጥ ሰርቨሩ በዚያው ቀን ይስተካከላል።